የታሪክ መንስኤዎችን የምንከልስበት የጥያቄ ጨዋታ ሽምደዳን ሲሸልም፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጨዋታ በጎጃም በምናስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለክለሳ የምንጠቀምበት ሲሆን፣ ለማሳያ የወሰድነው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያነሡትን አመፅ ነው። የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ማርከርና ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያጋጥሙት ችግሮች ከዕቃ ሳይሆን ከጥያቄው አቀራረብና ከነጥብ አሰጣጡ የሚመነጩ ናቸው።

ሁልጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ያሸንፋል

ምልክቱ ግልጽ ነው። ደብተሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ያለበት ቡድን ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ እጁን ያወጣል፤ ሌሎቹ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ወሬ ይጀምራሉ። ምክንያቱ «የአመፁ መንስኤ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ሐረግ የሚመለስ መሆኑና ነጥቡም ቀድሞ ለተናገረ መሰጠቱ ነው።

መፍትሄው ትውስታን ከውድድሩ ማውጣት ነው። መንስኤዎቹን በስድስት ካርዶች ጽፈን ለእያንዳንዱ ቡድን እንሰጣለን፦ አሥራትን የተካው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ፣ የርስት ሥርዓት፣ መሬት ይለካል የሚለው ስጋት፣ በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የነበረው ቅሬታ፣ ሰሚ ያላገኘው አቤቱታ፣ እንዲሁም በ1930ዎቹ የታየው የግብር ተቃውሞ። ካርዱን መጥራት ምንም ነጥብ አያስገኝም። አንዱ ካርድ ሌላውን እንዴት እንዳባባሰው ያስረዳ ቡድን 2 ነጥብ፣ ተቃራኒው ቡድን ያነሣበትን ጥያቄ ከመለሰ ደግሞ ተጨማሪ 3 ነጥብ ያገኛል። ደወል የለም፤ ከመልስ በፊት የሁለት ደቂቃ የምክክር ጊዜ አለ።

መልሱ ምክንያታዊ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው

ብዙ መምህር ሳያስተውለው የሚያልፈው ችግር ይህ ነው። ተማሪው «ግብሩ ስለከበደ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ስለተቆጣም አመፀ» ይላል፣ እኛም «ስለ» የሚለውን ቃል ሰምተን ነጥብ እንሰጣለን። መልሱን ለመፈተሽ «ጎጃም» የሚለውን አንሥቶ የሌላ አገር ስም ማስገባት ይበቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያለ እንከን ከቆመ፣ ስለ ጎጃም የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ተቃራኒው ቡድን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ እናደርጋለን፦ «ይኸው ምክንያት ሌላ ቦታም ነበረ፤ ታዲያ ለምን እዚህ?» አዋጁ የወጣው ለመላው አገሪቱ ስለነበር ጥያቄው ይጠነክራል። አንድ ቡድን የርስትን ካርድ አንሥቶ እንዲህ ብሎ መልሶ ነበር፦ በደቡብ ብዙ መሬት ቀደም ብሎ በቀላድ ተለክቷል፤ በጎጃም ግን መሬቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ርስት ስለነበር፣ ገበሬው ምርቱን ሊገምት የመጣውን ሹም መሬት ሊለካ፣ ቀጥሎም ርስቱን ሊነጥቅ የመጣ አድርጎ አየው። እዚህ ላይ ግብሩ ከገንዘብ ጥያቄነት ወደ ርስት ጥያቄነት እንዴት እንደተሻገረ ስለታየ 2 ነጥብ አገኙ።

ተቃራኒው ቡድን ግን «በበጌምድርም ርስት ነበር» ሲል ሞገተ። ርስት ብቻውን እንደማይበቃ የተገነዘበው ቡድን የአስተዳደሩን ቅሬታ፣ ያልተሰማውን አቤቱታና የቀድሞውን ተቃውሞ አንድ ላይ አያያዘ፦ ገበሬው ግብርን መቋቋም እንደሚቻል ከትናንቱ ያውቃል፣ በሹማምንቱ ላይ እምነት የለውም፣ እስከ አዲስ አበባ ያደረሰው አቤቱታም መልስ አላገኘም። ይህ 3 ነጥብ የሚገባው መልስ ነው። በነገራችን ላይ የአያቶቻቸውን ትረካ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ትረካው እንደ ሰባተኛ ካርድ በማስረጃነት ይቀመጥ እንጂ በራሱ ነጥብ አይሰጠው።

በሁለተኛው ጊዜ ምክንያቱንም ሸምድደው ይመጣሉ

ጥሩ መልስ አንዴ ከተሰማ በሚቀጥለው ሳምንት ቃል በቃል ይደገማል። መንስኤው ጥያቄው አለመለወጡ ነው። በዚህ ጊዜ ከስድስቱ አንዱን ካርድ በዕጣ አውጥተን እንገለብጥና «ይህ ባይኖር ምን ይለወጥ ነበር?» ብለን እንጠይቃለን። ያልተሰማው አቤቱታ ከወጣ፣ ለምሳሌ፣ ቅሬታው ይጠፋ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ወደ መሣሪያ መሄዱ ግን ሊዘገይ ይችል ነበር ማለት ይቻላል። «አመፁ ፈጽሞ አይነሣም ነበር» ብሎ በእርግጠኝነት የሚደመድም መልስ 2 ነጥብ ሊያገኝ አይገባም፤ ምን እንደሚዘገይ፣ ምን እንደሚቀንስ፣ ምን እንደማይለወጥ ለይቶ የሚናገር ግን ያገኛል።

በነጥብ ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል

ዳኝነቱ በመምህሩ ልብ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። ከጨዋታው በፊት አንድ 0፣ አንድ 2 እና አንድ 3 ያገኘ መልስ በሰሌዳው ጥግ ይጻፍ፤ የተከራከረ ቡድንም መልሱ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ራሱ ያሳይ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ካርዶች በላይ መክፈት ጊዜ ስለማይበቃው፣ የቀሩት ለሚቀጥለው ቀን ይቆያሉ።