የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲለወጥ የሌላው ፍላጎት በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ እንዴት ይለካል?

የኢንክጄት ፕሪንተር ዋጋ ሲቀንስ የሌዘር ፕሪንተር ገዢ ይቀንሳል፤ የቀለም ካርትሪጅ ገዢ ግን ይበዛል። ሁለቱ ፕሪንተሮች አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ስለሚችል ተተኪ ዕቃዎች ይባላሉ። ፕሪንተሩና ካርትሪጁ ደግሞ አንዱ ያለ ሌላው ስለማይሠራ ተጓዳኝ ዕቃዎች ናቸው። እስከዚህ ድረስ ማንም ሳይማር ያውቀዋል። የሚያስቸግረው «በምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ነጋዴ ምን ያህል ሌዘር ፕሪንተር ማዘዝ፣ ምን ያህል ካርትሪጅ ማከማቸት እንዳለበት የሚያውቀው ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ሲያገኝለት ነው። ቁጥሩን ማግኘት ደግሞ ከአራቱ መደብ የሒሳብ ሥራዎች የበለጠ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ዋጋ እንደተንቀሳቀሰ ይለዩ

ከመቁጠር በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የኢንክጄት ዋጋ ቀንሶ የኢንክጄት ሽያጭ ቢጨምር፣ ገዢው በራሱ በዕቃው ዋጋ ምክንያት ብዙ ገዛ ማለት ነው። ስለ ሌዘር ስንናገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሌዘር ዋጋ አልተነካም፤ ሆኖም በዚያው በድሮው ዋጋ የሚፈልገው ሰው ቁጥር አነሰ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የሌዘር የፍላጎት መስመር ራሱ ወደ ግራ ተገፋ ይባላል፤ የካርትሪጁ መስመር ደግሞ ወደ ቀኝ ይገፋል።

ስለዚህ ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው የአንደኛው ዕቃ ዋጋ ተለውጦ የሁለተኛው ዋጋ ባለበት የቆየ እንደሆነ ነው። የሌዘር ሻጩም በዚያው ሳምንት ዋጋ ከቀነሰ የሁለት ለውጦች ውጤት ተደባልቋልና ያንን ጊዜ ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ተፎካካሪዎች እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ የተተኪ ዕቃዎች ዋጋ አብሮ መንቀሳቀስ ይወዳል።

ሽያጩን ይቁጠሩ፣ ከዚያ መቶኛውን ያውጡ

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። የኢንክጄት ፕሪንተር ዋጋ ከ220 ወደ 180 ወረደ እንበል፤ በየትኛውም ገንዘብ ቢቆጠር ለውጥ የለውም። ዋጋው ከመውረዱ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት በአማካይ በወር 30 ሌዘር ፕሪንተር ይሸጥ ነበር። ከወረደ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት አማካዩ 24 ሆነ። የሌዘር ዋጋ አልተለወጠም።

የሦስት ወር አማካይ የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በወር 30 ያህል የሚሸጥ ዕቃ ምንም ሳይፈጠር አንድ ወር 25፣ ሌላ ወር 35 ሊሸጥ ይችላል። የአንድ ወር ቁጥር ብቻ ይዞ ፍርድ የሚሰጥ ሰው በአጋጣሚ ይታለላል። ሽያጩ አነስተኛ በሆነ ቁጥር የሚመዘገበው ጊዜ መርዘም አለበት።

አሁን መቶኛውን እናውጣ። ከ30 ወደ 24 ሲወርድ 20 በመቶ ቀነሰ፣ ከ24 ወደ 30 ሲወጣ ግን 25 በመቶ ጨመረ ልንል ነው፤ ይኸው ለውጥ በሁለት ቁጥር ይገለጻል። ይህን ለማስቀረት የሁለቱን መካከለኛ ይዘን እናካፍል።

የሌዘር ሽያጭ ለውጥ፦ (24 − 30) ÷ 27 = −22.2 በመቶ

የኢንክጄት ዋጋ ለውጥ፦ (180 − 220) ÷ 200 = −20 በመቶ

የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ፦ −22.2 ÷ −20 = +1.1

ይህ ቁጥር ተሻጋሪ የፍላጎት ተለጣጭነት ይባላል። ትርጉሙ የኢንክጄት ዋጋ አንድ በመቶ ሲቀንስ የሌዘር ሽያጭ 1.1 በመቶ ይቀንሳል፣ አንድ በመቶ ሲጨምርም በዚያው ልክ ይጨምራል ማለት ነው። ምልክቱ አዎንታዊ ሲሆን ሁለቱ ተተኪዎች ናቸው፤ አሉታዊ ሲሆን ተጓዳኞች ናቸው፤ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ደግሞ አንዱ የሌላውን ፍላጎት አይነካም። ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ዝምድናው የጠበቀ ነው።

ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት ይፈትኑት

ሽያጭ ቀነሰ ማለት ሁልጊዜ ፍላጎት ቀነሰ ማለት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የመጋዘን መዝገብ ይመልከቱ። ሌዘሩ ለአሥር ቀን ከመደርደሪያ ጠፍቶ ከነበረ 24 የተሸጠው ገዢ ስለቀነሰ ሳይሆን ዕቃ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ያልነበረባቸውን ቀናት አውጥተው በቀሩት ቀናት አማካይ ያስቡ።

ሁለተኛው ፈተና ገበያው በሙሉ መቀዝቀዙን ማጣራት ነው። ለዚህ ከፕሪንተር ጋር የማይገናኝ፣ ነገር ግን ያው ዓይነት ደንበኛ የሚገዛውን ዕቃ ይፈልጉ። ወረቀት አይሆንም፤ እርሱ ራሱ የፕሪንተር ተጓዳኝ ነው። የኮምፒውተር ኪቦርድ ግን ይሆናል። የኪቦርድ ሽያጭ በእነዚያ ወራት በ60 ላይ ከቆየ ያገኘነው 1.1 አይነካም። ከ60 ወደ 54 ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ገበያው በጠቅላላው 10.5 በመቶ ያህል ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ያኔ ከሌዘሩ 22.2 በመቶ ቅናሽ ውስጥ የኢንክጄት ዋጋ ያመጣው 11.7ቱ ብቻ ይሆናል፤ ተለጣጭነቱም ወደ 0.6 ይወርዳል። ሁለቱ ዕቃዎች ተተኪዎች መሆናቸው አይለወጥም፤ የዝምድናው ጥብቀት ግን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህን ማጣሪያ የዘለለ ነጋዴ ለሚቀጥለው የዋጋ ለውጥ የሚያደርገው ግምት በእጥፍ ይሳሳታል።

የተጓዳኝ ዕቃ ልኬት ጊዜ ይፈልጋል

የካርትሪጁን ጉዳይ ለብቻው ያቆየሁት ስለሚያስት ነው። ብዙ ሰው የፕሪንተር ዋጋ በወረደበት ወር የካርትሪጅ ሽያጭ ሲያይ ምንም ለውጥ አያገኝም፤ ከዚያም «እነዚህ አይገናኙም» ብሎ ይደመድማል። ችግሩ ቀለም የሚጨርሰው በዚህ ወር የተሸጠው ፕሪንተር ብቻ አለመሆኑ ነው። በየቤቱና በየቢሮው ያለው ፕሪንተር ሁሉ ቀለም ይጨርሳል።

በደንበኞች እጅ 1,000 ኢንክጄት አለ፣ እያንዳንዱም በዓመት 4 ካርትሪጅ ይጨርሳል እንበል። በወር 333 ካርትሪጅ ይሸጣል ማለት ነው። ከዚህ ቀደም በወር ይሸጡ የነበሩት 40 ፕሪንተሮች በእርጅና የሚጣሉትን ብቻ ይተኩ ነበር፤ ስለዚህ 1,000ው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዋጋው ሲወርድ ግን የወሩ ሽያጭ 52 ሆነ። በየወሩ 12 ፕሪንተር ይታከላል።

በመጀመሪያው ወር የተጨመሩት 12 ፕሪንተሮች በወር የሚፈልጉት 4 ካርትሪጅ ነው። ሽያጩ ከ333 ወደ 337 ከፍ አለ፤ ይህም 1.2 በመቶ ነው። ለ−20 ሲካፈል −0.06 ይሰጣል። ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር ከዜሮ መለየት አይቻልም፤ የአንድ ወር አጋጣሚ ብቻውን ይውጠዋል። ከዓመት በኋላ ግን 144 ተጨማሪ ፕሪንተሮች አሉ። እነርሱ በወር 48 ካርትሪጅ ይጨርሳሉ፤ ሽያጩም 381 ደረሰ። በመካከለኛው በ357 ሲካፈል 13.4 በመቶ፣ ተለጣጭነቱም −0.67 ሆነ። ዕቃዎቹ እነዚያው ናቸው፣ የዋጋው ለውጥም ያው ነው፤ የተለየው የተለካበት ጊዜ ብቻ ነው። ከአዲስ ፕሪንተር ጋር በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ቀለም እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ ሲታከልበት ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ይዘገያል።

ስለዚህ አንደኛው ዕቃ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ሁለተኛው እያለቀ የሚገዛ ሲሆን በወር ሽያጭ ፋንታ በአገልግሎት ላይ ያለውን ዕቃ ብዛት ይከታተሉ። መኪናና ነዳጅም፣ ምላጭ መያዣና ምላጭም ሕጋቸው ይኸው ነው።

ልኬቱን ገልብጦ መጠቀምም አይቻልም። የፕሪንተር ዋጋ በካርትሪጅ ላይ ያለው ተጽዕኖ −0.67 ስለሆነ የካርትሪጅ ዋጋ በፕሪንተር ላይ ያለውም ያንኑ ያህል ነው ማለት ስሕተት ነው። ፕሪንተር የሚገዛ ሰው የፕሪንተሩን ዋጋ በግልጽ ያየዋል፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያወጣውን የቀለም ወጪ ግን ብዙ ጊዜ አያሰላም። እያንዳንዱ አቅጣጫ በራሱ መዝገብ መለካት አለበት።

ዋጋው ምን ላይ እንደነበር ይመዝግቡ

የቀረውን ነገር ለመማር ከአንድ የታወቀ የፍርድ ቤት ክርክር የተሻለ ምሳሌ የለም። የአሜሪካ መንግሥት ዱፖንት የተባለውን ኩባንያ የሴሎፌንን ገበያ ብቻውን ይዟል ሲል ከሰሰው። ሴሎፌን ለመጠቅለያ የሚያገለግል ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ሲሆን፣ በአገሪቱ ከሚሸጠው ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያመርተው ዱፖንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። የፍርዱ መሠረት ተሻጋሪ ተለጣጭነት ነበር፦ የሴሎፌን ዋጋ ትንሽ ቢለወጥ ገዢዎች ወደ ሌሎች መጠቅለያዎች ስለሚዞሩ ገበያው የመጠቅለያ ሁሉ ገበያ ነው፣ በዚያ ሰፊ ገበያ ውስጥ ደግሞ የሴሎፌን ድርሻ ከ20 በመቶ በታች ነው ተባለ።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ፍርድ አጥብቀው ነቀፉት፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ገበያውን ብቻውን የያዘ ሻጭ ዋጋውን ገዢው ሊሸሽ እስከሚቃረብበት ድረስ ይሰቅለዋል። በዚያ ከፍታ ላይ ሲለካ ማንኛውም ዕቃ ብዙ ተተኪ ያለው ይመስላል፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ገዢው ሌሎቹን መጠቅለያዎች ዞር ብሎ ላያያቸው ይችል ነበር። ስሕተቱ ዛሬም ድረስ በሴሎፌን ስም ይጠራል።

የእኛም 1.1 እንዲሁ የሚያገለግለው ዋጋው ከ220 እስከ 180 ባለው ክልል ውስጥ ነው። ኢንክጄቱ ወደ 100 ቢወርድ ለሌዘር ሽያጭ ያንኑ ቁጥር ማባዛት አይቻልም። በዋጋ ሊሳቡ የሚችሉት ገዢዎች ቀድመው ሄደው፣ የቀሩት በወር ብዙ ሺህ ገጽ የሚያትሙና በምንም ዋጋ ኢንክጄት የማይገዙ ቢሮዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። በመዝገብዎ ላይ ከተለጣጭነቱ አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ዋጋው ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ የሁለተኛው ዕቃ ዋጋ በዚያን ጊዜ ስንት እንደነበረ፣ ሽያጩም ስንት ወር እንደተቆጠረ።