የተኛ ሂሳብ አልዘጋ ሲል ቋሚ ትዕዛዙን ፈልጉ

ሐዋሳ ውስጥ ባንክ መስኮት ላይ ለዓመታት ሰርቻለሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የለቀቁ ልጆች የድሮ የደመወዝ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ ያየሁት ችግር ነው።

ምልክት፦ ሰው ሲያስገባ ብር ይገባል። በስልክም በካርድም ግን አይወጣም።

ምክንያት፦ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ስላላንቀሳቀሰው ሂሳቡ ተኝቷል።

መፍትሄ፦ መታወቂያና ደብተር ይዞ በአካል ቀርቦ ማስነሳት ነው። ስማችሁ ፋይዳ ላይና ደብተሩ ላይ ከተለያየ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ምልክት፦ ሂሳቡ ከተነሳ በኋላ ብር ይጎድላል፣ ወይም «አይዘጋም» ይባላል።

ምክንያት፦ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ አለበት፤ ባንኩ በየጊዜው የተወሰነ ብር ከሂሳባችሁ በራሱ እንዲያስተላልፍ የፈረማችሁት ማለት ነው። ሂሳቡ ሲተኛ ትዕዛዙ አብሮት ሊተኛ ይችላል እንጂ ተሰረዘ ማለት አይደለም። ሲነሳም አብሮት ሊነሳ ይችላል።

አንዲት ልጅ በየወሩ በ30ኛው ቀን 700 ብር ለቁጠባና ብድር ማህበር እንዲተላለፍ ፈርማ ነበር። ሥራ ስትለቅ ሂሳቧ ላይ የቀረው 250 ብር ነው። ትዕዛዙ በየወሩ ብር እያጣ ከሸፈ፣ በመጨረሻም ሂሳቡ ተኛ። እሷም ብድሩን በእጅ ከፍላ ጨረሰች። ከጊዜ በኋላ ወንድሟ ሳያውቅ 4,000 ብር አስገባላት። በ28 መጥታ አስነሳችው። «ሰኞ መጥቼ እዘጋዋለሁ» ብላ ሄደች። በ30 ትዕዛዙ 700 ብር ወሰደ። 3,550 ብር ብቻ ቀረ። ብሩን ያስመለሰችው ማህበሩ ቢሮ ብዙ ጊዜ ተመላልሳ ነው። ያስነሳላት ባልደረባዬ «ቋሚ ትዕዛዝ አለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ይህ ዛሬም ያናድደኛል፤ አንድ ጥያቄ ነበር የጎደለው።

መፍትሄ፦ ሂሳቡን በምታስነሱበት ቀን፣ ከመስኮቱ ሳትነሱ፣ በላዩ ያሉትን ቋሚ ትዕዛዞች በሙሉ አሳዩኝ በሉ። የማትፈልጉትን በጽሑፍ ሰርዙ። ቀሪው ቅጂ ላይ ማህተም አስመቱ። በቃል «እሺ ይሰረዛል» መባል አይበቃም!

የምትፈልጉት ክፍያ ካለ፣ የቤት ቁጠባ ወይም የእቁብ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ብሩን በምታዛውሩበት አዲስ ሂሳብ ላይ አስጀምሩት። አንድ ወር በትክክል ሲከፈል እዩ። ከዚያ አሮጌውን ሰርዙ። ይህን ገልብጠው ሠርተው የወር ክፍያ ያመለጣቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። የብድር ተቀናሽ ግን ለየት ይላል፤ ብድሩ ሳያልቅ በእናንተ ማመልከቻ ብቻ አይነሳም። አበዳሪው መስማማት አለበት።

ብሩን የምታዛውሩት ከዚህ በኋላ ነው። በስልክ ስታዛውሩ ዝቅተኛው ተቀማጭ አይወጣም። እሱና ያልተከፈለው ወለድ ሂሳቡ ሲዘጋ በመስኮት ይሰጣችኋል። ስለዚህ «ባዶ ነው» ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። ካርዱን መልሱ። ከቴሌብር ጋር ካገናኛችሁት አላቁት። የመዝጊያውን ወረቀት ሳትይዙ ከቅርንጫፉ አትውጡ።