ዋጋ ሲንር የማሽን ግዢን ማስላት፦ የዛሬ ብርና የየዓመቱ ብር እንዳይቀላቀሉ

በጅማ የጀንፈል መፈልፈያ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ አዋጭነቱን ሲያሰላ፣ ብዙውን ጊዜ የአራት ዓመቱን ገቢ በሙሉ ዛሬ በሚያስከፍለው የመፈልፈያ ዋጋ ይጽፋል። መቀነሻ ተመኑን (ዲስካውንት ሬቱን) ደግሞ ከባንክ ወለድ ይወስዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አበዳሪው ወለዱን ሲተምን ብሩ እስኪመለስ ድረስ የሚያጣውን አቅም አስቀድሞ ጨምሮበታል፤ በገቢው በኩል ግን የዋጋ ንረቱ የለም። ንረቱ ገቢው ላይ ሳይጨመር ከገቢው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው።

ለምሳሌ ማሽኑ 1,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ወጪና ግብር ተቀንሶ፣ ከእርጅና ቅናሽ የሚገኘው የግብር ቁጠባ ግን ገና ሳይታሰብ፣ በዛሬ ዋጋ በዓመት 400,000 ብር ለአራት ዓመት ያስገባል፣ ባለቤቱ የሚፈልገው ተመን 26%፣ የሚጠበቀው ንረት 20% ነው።

1. እያንዳንዱ ረድፍ በየትኛው ብር እንደተጻፈ ምልክት ያድርጉ። «የዛሬ ብር» ንረት ያልገባበት (እውነተኛ) ነው፤ «የየዓመቱ ብር» በዚያ ዓመት በእጅ የሚቆጠረው (ስማዊ) ነው።

2. ተመኑን ይለውጡ። ብዙ ሰው 26 ሲቀነስ 20፣ 6% ይላል። ንረቱ 2 ወይም 3% በሆነበት አገር ይህ አቋራጭ ብዙ አይጎዳም፤ በ20% ግን ያሳስታል። ትክክለኛው ማካፈል ነው፦

```
=(1+0.26)/(1+0.20)-1
=NPV(0.05,C5:F5)-1000000
```

የመጀመሪያው መስመር 5% ይሰጣል። በሁለተኛው C5:F5 በዛሬ ብር የተጻፈው የአራቱ ዓመት ገቢ ነው፤ የማሽኑ ዋጋ ከቅንፉ ውጪ የተቀመጠው፣ ኤክሴል በቅንፉ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚገባ ስለሚቆጥረው ነው።

3. ያዛምዱ። 400,000ውን በ5% ሲቀንሱት የአራቱ ዓመት የአሁን ዋጋ 1,418,380 ብር ይሆናል። ወይም ገቢውን በ20% እያሳደጉ 480,000፣ 576,000፣ 691,200 እና 829,440 ይጻፉና በ26% ይቀንሱት፤ ውጤቱ ያው 1,418,380 ነው። 400,000ውን በ26% ከቀነሱት ግን 928,075 ብቻ ስለሚመጣ፣ የሚያዋጣው ማሽን 71,925 ብር የሚያከስር መስሎ ይታያል። የተገላቢጦሹ ስህተት፣ ማለትም ያደገውን ገቢ በ5% መቀነስ፣ 2,259,059 ያሳያል። ይኸኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ደስ የሚል ቁጥር ደግሞ የሚመረምረው የለም።

4. ከንረቱ ጋር የማይጨምሩትን ረድፎች ለይተው ያውጡ። ተመን መለወጥ የቻለ ሰው እንኳ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዋናው ከእርጅና ቅናሽ የሚገኘው የግብር ቁጠባ ነው። ማሽኑ በአራት ዓመት እኩል ይታሰባል ብንል ቅናሹ በዓመት 250,000 ይሆናል፤ በ30% የድርጅት ግብር 75,000 ብር ያስቀራል። ቅናሹ የሚሰላው ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ስለሆነ ይህ 75,000 በአራተኛውም ዓመት 75,000 ነው። በዛሬ ብር ግን በመጀመሪያው ዓመት 62,500፣ በአራተኛው 36,169 ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ እንዳለ በ26% ይቀነሳል፣ ወይ እነዚህ የተሸረሸሩት ቁጥሮች በ5% ይቀነሳሉ፤ በሁለቱም መንገድ 174,014 ብር ይመጣል። «ሥራዬ በሙሉ በዛሬ ብር ነው» ብሎ 75,000ውን በቀጥታ በ5% የቀነሰ ሰው 265,946 ያገኛል፤ 92,000 ብር ገደማ ያልነበረ ትርፍ ማለት ነው።

ለአራት ዓመት በውል የተቆረጠ የመጋዘን ኪራይም እንደዚሁ ነው፤ እዚህ ግን እየቀለለ የሚሄደው ወጪ ስለሆነ ስህተቱ ማሽኑን ከእውነቱ ያነሰ አዋጭ ያስመስለዋል። የብድር ወለድን ግን ከገቢው ላይ አይቀንሱ፤ በ26ቱ ውስጥ ስላለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

5. ሁሉም ዋጋ በእኩል አይንርም። ተመኑ የሚካፈለው ለአጠቃላዩ ንረት ነው። የመፈልፈያ ክፍያው በዓመት 12% ብቻ የሚጨምር ከሆነ፣ በዛሬ ብር በየዓመቱ ወደ 6.7% እየቀነሰ ይሄዳል (1.12 ለ1.20 ሲካፈል)። የናፍጣና የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ከ20% በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃን ከአጠቃላዩ ንረት ጋር አንድ ማድረግ አያስኬድም። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱን ረድፍ በራሱ ጭማሪ አሳድጎ በየዓመቱ ብር መጻፍና ሁሉንም በ26% መቀነስ ይሻላል።

ሲጨርሱ በሁለቱም መንገድ ይደምሩ። በዚህ ምሳሌ፣ የግብር ቁጠባው ተጨምሮና የማሽኑ ዋጋ ተቀንሶ፣ ሁለቱም 592,394 ብር ሊሰጡ ይገባል። ካልተገናኙ መጀመሪያ የእርጅና ቅናሹን ረድፍ ይዩ።