ትንፋሹ ከፍ ብሎ ጓሉ ሲፈርስ፦ የጓሮ አፈርን ሁለት ምርመራዎች አጣምሮ ማንበብ

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቀበና ባሉት የቆዩ ግቢዎች ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች የአፈራቸውን ሕያውነት ለማወቅ ሁለት ምርመራዎችን ያሠራሉ። የመጀመሪያው የአፈር ትንፋሽ ይባላል፤ ደርቆ እንደገና የረጠበ አፈር በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ይለካል። ሁለተኛው የጓል ጽናት ሲሆን፣ ደቃቅ የአፈር ጓሎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ስንቱ ሳይፈርስ እንደሚቀር ያሳያል። ትንፋሹ ተሕዋስያኑ ዛሬ ምን ያህል ምግብ እያቃጠሉ እንደሆነ ሲናገር፣ ጽናቱ ግን የተክል ሥር፣ የፈንገስ ክርና የባክቴሪያ ሙጫ በወራትና በዓመታት ያያያዙትን ይናገራል። ሁለቱ ሲስማሙ ንባቡ ቀላል ነው። ሰውን ግራ የሚያጋባው ትንፋሹ ከፍተኛ ሆኖ ጓሉ የሚሟሟበት ውጤት በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ በአመዛኙ እሱን ይመለከታል።

ምልክት፦ የትንፋሹ ቁጥር ያማረ ነው፤ አፈሩ ግን ዝናብ ሲመታው ጭቃ ይሆንና ሲደርቅ እንደ ንጣፍ ይጠነክራል

እንደ ምሳሌ ከቀበና ወንዝ ብዙም ያልራቀ፣ ጥቁር የመረሬ አፈር ያለበት አንድ ግቢ እንውሰድ። መደቡ በየጊዜው የላም እበት ይጨመርበታል፤ በበጋ ደግሞ ውሃ ስለሚጠፋ ልብስ የታጠበበት ውሃ ይደፋበታል። ከመደቡና በዚያው ግቢ አጥር ሥር ሳር ከበቀለበት፣ ተቆፍሮ ከማያውቅ ቦታ፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ተወሰደ። የአጥሩ ሥር ናሙና እንደ ትርፍ መታየት የለበትም፤ ያለ እሱ የመደቡ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ምክንያቱም የአንድ አካባቢ መረሬ የሚመዘነው በዚያው አካባቢ መረሬ ነው።

ሁለቱም ናሙናዎች በጥላ ደርቀው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፉ። ከእያንዳንዱ 50 ግራም በጠርሙስ ውስጥ እንዲረጥብ ተደርጎ፣ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ 20 ሚሊ ሊትር የ0.5 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ከያዘ ትንሽ ብርጭቆ ጋር ለ24 ሰዓት በ25 ዲግሪ ታሽጎ ቆየ። አፈር የሌለበት ጠርሙስም አብሮ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በሶዳው ላይ ባሪየም ክሎራይድ ተጨምሮ፣ የቀረው ሶዳ በፌኖልፍታሊን ጠቋሚነት በ0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተለካ። ስሌቱ የሚከተለው ነው፤ B አፈር የሌለበት ጠርሙስ የፈጀው አሲድ በሚሊ ሊትር፣ S ናሙናው የፈጀው፣ M የአሲዱ ሞላሪቲ፣ W የአፈሩ ክብደት በኪሎ ግራም ነው።

```
C (mg/kg) = (B - S) * M * 6 / W
```

ባዶው ጠርሙስ 19.4፣ መደቡ 17.8፣ አጥር ሥሩ 18.4 ሚሊ ሊትር ፈጁ። ስለዚህ የመደቡ ትንፋሽ በኪሎ ግራም አፈር 96 ሚሊ ግራም ካርቦን ሲሆን የአጥር ሥሩ 60 ነው። በዚህ ብቻ የሚፈርድ ሰው መደቡን ጤነኛ ይለዋል።

የጓል ጽናቱ ግን ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላቸው ጓሎች 4 ግራም ተመዝኖ በ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ለ3 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ወጣ ገባ ተደረገ። ከመደቡ ናሙና 1.5 ግራም በወንፊቱ ላይ ቀረ። ይህ የቀረው ሁሉ ጓል አይደለም፤ የከተማ አፈር አሸዋ፣ የሸክላ ስባሪና የከሰል ፍርፋሪ ስለሚይዝ፣ ቅሪቱ በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ተበትኖ በድጋሚ ሲነፋ 0.7 ግራም ጠጣር ተገኘ። ትክክለኛው ጽናት እንግዲህ 0.8 ለ3.3 ሲካፈል፣ ማለትም 24 በመቶ ነው። ጠጣሩ ሳይቀነስ ቢሰላ ወደ 38 በመቶ ያሻቅብ ነበር። በአጥር ሥሩ 3.0 ግራም ቀርቶ ከዚያ ውስጥ 0.4 ጠጣር በመሆኑ፣ ጽናቱ 72 በመቶ ሆነ።

መንስኤውን መለየት

እዚህ ላይ ሁለት መንስኤዎች ይጠረጠራሉ። አንደኛው ያልበሰለ እበት ነው። በቀላሉ የሚበላ ምግብ ሲገኝ ባክቴሪያው ይርመሰመሳል፣ ትንፋሹም ይጨምራል፤ ጓል የሚያስረው ሥርና ፈንገስ ግን ገና አልደረሰም። ሁለተኛው ከልብስ ሳሙናና ከዱቄት ሳሙና የሚመጣው ሶዲየም ሲሆን፣ የሸክላውን ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዲገፋፉ አድርጎ ይበትናቸዋል። ጓሉ ሲበተን ውስጡ ተሸሽጎ የነበረ የበሰበሰ ነገር ለተሕዋስያን ስለሚጋለጥ፣ ትንፋሹ ከፍ የሚለው አፈሩ እየተሠራ ሳይሆን ጥሪቱን እየበላ ስለሆነም ይሆናል። ከፍተኛ ትንፋሽን ሁልጊዜ በበጎ መተርጎም ትልቁ ስህተት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያላቸው ደረቅ ጓሎች በሁለት ነጭ ሳህኖች ይቀመጣሉ፤ በአንደኛው ዲስቲልድ ውሃ፣ በሌላኛው ጂፕሰም የተባለው የካልሲየም ማዕድን ትንሽ የተበጠበጠበትና የጠራ ውሃ ይደረጋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ለዚህ ያገለግላል፤ ሲገዛ ግን የባትሪ አሲድ አለመሆኑ ይረጋገጥ። የቧንቧ ውሃ መጠቀም አይገባም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መበተኑን ይደብቃል። ሳህኖቹ ሳይነኩ በ10 ደቂቃ፣ በ2 ሰዓትና በማግስቱ ይታያሉ።

ጓሉ ተሰነጣጥቆ ወደ ትናንሽ ፍርፋሪ ቢወድቅ፣ ውሃው ግን ጥርት ብሎ ቢቀር፣ የጎደለው ማያያዣ ነው፤ ይህም እበቱን ወይም ተደጋጋሚ ቁፋሮን ያመለክታል። በጓሉ ዙሪያ ወተት የመሰለ ቀለበት ቢወጣና ቀስ በቀስ ሳህኑን ቢያደፈርስ ግን ሸክላው ራሱ እየተበተነ ነው። በምሳሌያችን መደብ ቀለበቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ታየ፣ በ2 ሰዓት ሳህኑ ሙሉ ደፈረሰ፤ ጂፕሰም ባለበት ሳህን ግን ውሃው ጠርቶ ቆየ። ካልሲየም ሲጨመር መበተኑ ከቆመ ተጠያቂው ሶዲየም ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ለማረጋገጥ የተለዋዋጭ ሶዲየም መጠን ሲለካ በኪሎ ግራም 2.9 ሴንቲሞል ወጣ፤ አፈሩ እንዲህ ያሉ ተለዋዋጭ ማዕድናትን ከመያዝ አቅሙ፣ ከ42 ሴንቲሞል፣ ወደ 7 በመቶ ማለት ነው። ይህ መጠን ሸክላ ለበዛበት አፈር ከበቂ በላይ ጎጂ ነው።

መፍትሄ

የመጀመሪያው እርምጃ የልብስ ውሃውን ማቆም ነው፤ ይህ ሳይደረግ የሚጨመር ነገር ሁሉ ይባክናል። ቀጥሎ ሶዲየሙን በካልሲየም መተካት ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአፈሩ እፍጋት 1.1 ከሆነ፣ 165 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በኪሎ ግራም 1 ሴንቲሞል ሶዲየም ለመተካት 0.86 ግራም ጂፕሰም ስለሚያስፈልግ፣ ለካሬ ሜትሩ 142 ግራም ይሆናል። ሶዲየሙን ከ2.9 ወደ 0.9 ለማውረድ እጥፉ፣ 284 ግራም ያስፈልጋል፤ ሁሉም ጂፕሰም ሥራውን በሙሉ ስለማይሠራ ሩብ ጨምሮ ወደ 355 ግራም መስጠት ተገቢ ነው። የሚፈለገው የተፈጨ ጥሬ ጂፕሰም ነው። ለግድግዳ ማጠናቀቂያ የሚሸጠው ጄሶ የተቃጠለ በመሆኑ ውሃ ሲያገኘው ይጋገራል፤ በአፈሩ ውስጥም እኩል አይሰራጭም።

ጂፕሰሙ በሰኔ መግቢያ፣ ክረምቱ ከመጠናከሩ በፊት ተበትኖ ከላይኛው አፈር ጋር በቀስታ ቢደባለቅ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የተፈናቀለውን ሶዲየም ወደ ታች አጥቦ ይወስደዋል። ውሃው የሚወርድበት ከሌለ ግን ሶዲየሙ እዚያው ስለሚቀር፣ በመደቡ ዳር ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። በመጨረሻም እበቱ በስሎ ይሰጥ፤ መደቡ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ገብስ ወይም አጃ ጠበቅ አድርጎ ቢዘራ፣ ጓል የሚያስረው የቀጭን ሥር መረብ ይመጣል። እርጥብ መረሬን መቆፈር ግን የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ምርመራው ሲደገም ትንፋሹ ወርዶ ጽናቱ ወጥቶ ቢገኝ አያስደንግጥ፤ የሚፈለገው አቅጣጫ ይኸው ነው።

ቁጥሩ ራሱ ሲያሳስት

የደረቀ አፈር ሲረጥብ ትንፋሹ በድንገት ይንራል፤ ይህን ክስተት በርች የተባለው ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ደርቆ የተመረመረ ናሙና ከእርጥቡ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። መረሬ ከልክ በላይ ሲርስ ደግሞ አየር ያጣል፤ የአንድ ናሙና ድግግሞሾች እርስ በርስ ሲራራቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። የውሃው ልክ የአፈሩን ቀዳዳዎች ግማሽ ያህል የሚሞላ ቢሆን ይመረጣል። በአሲድ ልኬታው ላይ የ0.1 ሚሊ ሊትር ስህተት ውጤቱን በ6 ሚሊ ግራም ስለሚያዛባ፣ እያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራ።

በሶዳ ፈንታ የጋዝ መለኪያ የሚጠቀም ሰው የከተማዋን ከፍታ ማሰብ አለበት። በ2,350 ሜትር ገደማ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ፣ ግፊቱ ታርሞ የሚነበብ ppm በባሕር ጠለል ግፊት ወደ ሚሊ ግራም ቢቀየር ውጤቱ በሲሶ ያህል ይጋነናል። መለኪያው ግፊትን ራሱ ያርም እንደሆነ መመሪያው ላይ ይታይ፤ እርማቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ።

ምልክት፦ ጓሉ ጽኑ ነው፤ ትንፋሹ ግን ዝቅተኛ ነው

ቀይ አፈር ከሆነ የብረት ኦክሳይድ ራሱ ጓሉን ስለሚያስር፣ ጽናቱ የሕይወት ምስክር አይሆንም፤ ፍርዱ በትንፋሹ ይሰጥ፣ የበሰለ ኮምፖስትም ይጨመር። ቤት ፈርሶ በተሠራበት ግቢ ደግሞ ሲሚንቶ ይጠርጠር። ጥቂት የአሲድ ጠብታ ሲነካው አፈሩ የሚፈላ ከሆነ ፍርስራሹ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ያልበሰለ ሲሚንቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚመጥ ትንፋሹን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ካርቦኔት ግን በተቃራኒው ከተሕዋስያን ያልመጣ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ፍርስራሹ ተለቅሞ ንጹህ ናሙና ሳይወሰድ ምርመራውን መድገም ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ሁለቱም ዝቅተኛ ናቸው

ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ አፈር በግቢው ላይ ተደልድሎ ከሆነ ውጤቱ ይህን ይመስላል። የታችኛው አፈር ምግብም ተሕዋስያንም ስለሌለው፣ ኮምፖስት ከመጨመር በፊት ጉድጓድ ቆፍሮ የቀድሞው ጥቁር አፈር በምን ጥልቀት እንዳለ ማየት ይሻላል፤ በ20 ወይም በ30 ሴንቲ ሜትር ከተገኘ ድልድሉን ማንሳት ከማልማት ይቀልላል።