ጠቅላላ ውክልና እና ልዩ ውክልና፦ ለቤትዎ ውክልና ከመስጠትዎ በፊት

«ጠቅላላ ውክልና ላኪልኝ፣ ሁሉንም እኔ እጨርስልሻለሁ።» ውጭ አገር ሆኖ አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው ይህን በስልክ ሳይሰማ አይቀርም። ጠያቂው ወንድም ብዙ ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም። በየቢሮው «ለዚህኛው አልተወከልክም» እየተባለ መመለስ ሰልችቶት ነው። ችግሩ «ጠቅላላ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥና በሰው አፍ ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 እንደሚለው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ኪራይና ሌላ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል ነው። ቤት መሸጥ፣ ቤት በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ ጉዳይን ለግልግል ዳኝነት ማቅረብ፣ መክሰስና ተከሶ መከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና፣ ማለትም ሥራውን በስሙ ጠቅሶ የሚሰጥ ውክልና፣ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «በማናቸውም ጉዳዬ እንደ እኔ ሆኖ እንዲሠራ» ብሎ የሚያበቃ ወረቀት፣ ምንም ያህል ሰፊ ቢመስል፣ ቤት አይሸጥም።

በሰፈር ቋንቋ ጠቅላላ ውክልና የሚባለው ወረቀት ግን ሌላ ነው። አንዱን አንሥተው ቢያነቡት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በባንክ አስይዞ እንዲበደር፣ ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣ፣ እንዲከስ፣ ለሌላ ሰው ውክልና እንዲሰጥ» እያለ ይወርዳል። ርዕሱ ጠቅላላ ነው፤ ውስጡ ግን የልዩ ውክልናዎች ክምር ነው። አደጋው ያለው በርዕሱ ሳይሆን በእነዚህ ግሦች ላይ ነው። ስለዚህ ርዕሱን ይለፉትና ግሦቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት እህት ዱባይ ትሠራለች እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ የባንክ ዕዳው ያላለቀ ኮንዶሚኒየም አላት። ለጊዜው የምትፈልገው ወንድሟ እንዲያከራየውና ከኪራዩ የባንኩን ዕዳ እንዲከፍል ነው። ወደፊት መሸጥ ልታስብ ትችላለች።

መጀመሪያ ወንድሟ በሚቀጥሉት 12 ወራት በእርግጥ የሚሠራቸውን ሥራዎች በባዶ ወረቀት ትጻፍ። ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ዕዳ መክፈል፣ የውሃና የመብራት ጉዳይ መከታተል። እነዚህ ሁሉ የአስተዳደር ሥራዎች ናቸው፤ መሸጥ ውስጡ የለም። ስለዚህ አሁን የምትሰጠው ውክልና የማስተዳደር ብቻ ይሁን፣ የቤቱ አድራሻና ቁጥርም ይጠቀስበት። «ለማንኛውም ይኑር» ተብሎ የሚጨመር «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ነው ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱን የሚያሳጣው። ተከራይ እምቢ ካለ ወንድሟ እንዲከስላት ከፈለገች ግን ክስ የአስተዳደር ሥራ ስላልሆነ «ከዚህ ቤት ኪራይ ጋር በተያያዘ እንዲከስ፣ ተከሶም እንዲከራከር» የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ለመሸጥ ስትቆርጥ ደግሞ ለሽያጩ ብቻ ሌላ ልዩ ውክልና ትስጥ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ልዩ ውክልና ስለሆነ ብቻ ደኅና የሚመስለው አለ። «ቤቴን እንዲሸጥ» የሚል አንድ መስመር ልዩ ውክልና ነው፣ ግን በስንት ብር እንደሚሸጥና ገንዘቡ የት እንደሚገባ ካልተናገረ ከጠቅላላው አይሻልም። የእኔ ምክር አጻጻፉ እንዲህ እንዲሆን ነው፦ «ከላይ የተገለጸውን ቤት ከ4,500,000 ብር ባላነሰ ዋጋ እንዲሸጥ፣ የሽያጩም ገንዘብ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ገቢ እንዲደረግ።» የሂሳቡ ቁጥር ይጻፍ። ይህ ሐረግ ገዢውንም ያስራል፤ ውክልናውን አንብቦ ገንዘቡን ለወንድምየው በእጁ የሰጠ ገዢ አላወቅሁም ሊል አይችልም። ከዚያው ሂሳብ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ግን ለዚያው ሰው አብሮ መሰጠት የለበትም። አለበለዚያ ገደቡ ትርጉም ያጣል።

ልዩ ውክልና ከልክ በላይ ጠቦም ይጎዳል። ወንድሟ «እንዲሸጥ» ብቻ ተብሎ ከገዢ 200,000 ብር ቀብድ ተቀበለ እንበል። ስም ለማዛወር ሲቀርቡ የቢሮው ሠራተኛ «ስመ ሀብት እንዲያዛውር የሚል የለበትም» ብሎ መለሳቸው። በሕጉ ለተሰጠው ሥራ ተፈጥሯዊ ውጤት የሆኑ ነገሮች በልዩ ውክልናው ውስጥ እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ግን ቃሉን ፊደል በፊደል ነው የሚፈልገው። በዚህ መካከል ሻጩ ወገን ውሉን ልተው ካለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀብዱን እጥፍ ሊመልስ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ውክልና ውል መፈረምን፣ በውልና ማስረጃ ቀርቦ ማጽደቅን፣ ግብርና ክፍያ መፈጸምን፣ ስም ማዛወርን ይዘርዝር። «በመያዣ» እና «በስጦታ» የሚሉ ቃላት ካሉበት ያስወጧቸው።

«ለሌላ ሰው ውክልና እንዲሰጥ» የሚለው ሐረግ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በተዘጋጁ ቅጾች መጨረሻ ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። እርስዎ ያመኑት ወንድምዎን ነው፤ በዚህ ሐረግ ግን ቤትዎ አይተውት በማያውቁት ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የጋራ ከሆነ የአንዱ ውክልና ብቻውን አይበቃም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማስያዝም ሆነ ለማከራየት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሁለቱም ይፈርሙ።

ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ውክልናው መረጋገጥና መመዝገብ አለበት፤ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ያልተረጋገጠ ውክልና በሕግ ፊት አይጸናም። ዱባይ ያለችው እህት ቆንስላ ቀርባ ትፈርማለች፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ወደ ውልና ማስረጃ ይወሰዳል። የማብቂያ ቀንም ይጻፍበት፣ ለምሳሌ ለሽያጩ 6 ወር።

እምነቱ ከጎደለስ? ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ያ ቃል በሕግ ዋጋ የለውም። መሻሪያው እንደ ውክልናው ሁሉ መረጋገጥ አለበት። ግን መሻሪያው ውልና ማስረጃ ተመዝግቦ ቢቀመጥም፣ ዋናው ውክልና አሁንም ወንድምየው ኪስ ውስጥ ካለ፣ መሻሩን የማያውቅ ሰው ፊት ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ መሻሪያው በተፈረመበት ቀን ለተወካዩ በጽሑፍ ይድረሰው፣ ዋናው ወረቀትም እንዲመለስ ይጠየቅ። የመሻሪያውም ግልባጭ ለባንኩ፣ ቤቱ ላለበት ክፍለ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤትና ለተከራዩ ይሰጥ፣ እያንዳንዱም የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበት።