የዋጋ መስመሮችን ሁሉ ከ100 አስነሷቸው

አንዱ ዕቃ ከ40 ወደ 60፣ ሌላው ከ2000 ወደ 2400 ጨመረ እንበል። ሁለቱን አንድ ግራፍ ላይ ስታወጧቸው የመጀመሪያው መሬት ላይ የተኛ መስመር ይመስላል። ግን 50 በመቶ የጨመረው እሱ ነው፤ ሌላው 20 በመቶ ብቻ።

መላው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዋጋ ለራሱ መነሻ ዋጋ አካፍላችሁ በ100 አባዙት። በኤክሴል ዋጋው ከB2 የሚጀምር ከሆነ፦

```
=B2/B$2*100
```

ከዚያ ወደ ታች ጎትቱት። የዶላር ምልክቷን አደራ! እሷ ከሌለች መነሻው አብሮ ይወርድና ዓምዱ ሁሉ 100 ይሆናል። አሁን ሁለቱም ከ100 ተነስተው 150 እና 120 ላይ ይደርሳሉ።

መነሻ ወሩን ግን አስቡበት። ዋጋው ለጊዜው ወርዶ የነበረበትን ወር ከያዛችሁ ያ ዕቃ ያለ ልክ የናረ ይመስላል። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያውን ዓመት አማካይ ነው መነሻ የማደርገው።