ጭብጨባ የሚያስጨንቀውን ሠራተኛ እንዴት እናመስግን?

ከዓመታት በፊት በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ከባልደረቦቼ አንዷ ዝምተኛ ናት። ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ብላ ትገባለች፣ ማታ «ደህና እደሩ» ብላ ትወጣለች። በመሃል ያለውን ሰዓት የምታሳልፈው ከባንክ መግለጫና ከሌጀር ጋር ነው።

አንድ ቀን የባንኩን ሒሳብ ከእኛ መዝገብ ጋር ስታመሳክር ለአንድ አቅራቢ 186,000 ብር ሁለት ጊዜ እንደተከፈለ አገኘች። አንዱ ክፍያ የወጣው በኦሪጅናሉ ኢንቮይስ ነው፣ ሁለተኛው በዚያው ኢንቮይስ ፎቶ ኮፒ። ገንዘቡ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ በጣም ደስ አላቸው። በሩብ ዓመቱ ስብሰባ፣ ስልሳ በሚሆን ሰው ፊት ወደ መድረክ ጠሯት። ታሪኩን ተረኩ። ሰርተፍኬት ሰጧት። «እስቲ ሁለት ቃል በዪ» አሏት። «አመሰግናለሁ» ብላ ወረደች። ፎቶው ያኔውኑ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ወጣ። ያጨበጨብኩት እኔም ነበርኩ፤ እንዲያውም ቀድሜ።

ይህች ልጅ በየሳምንቱ አርብ «ማጣራት የሚፈልጉ» የምትለው አጭር ዝርዝር ትሰጠኝ ነበር። አምስት ስድስት መስመር ይሆናል። ከስብሰባው በኋላ ዝርዝሩ ወደ ሁለት ወረደ፣ ቀጥሎ «ችግር የለም» የሚል ብቻ ሆነ። በወሩ ማብቂያ እሷ ሳታየው ልታልፍ የማትችለውን ልዩነት እኔው አገኘሁ። ለብቻዋ ጠራኋትና ጠየቅኳት። መጀመሪያ «አላየሁትም» አለች። ትንሽ ቆይታ እንዲህ አለችኝ፦ «ያንን ክፍያ ያዘጋጀው ልጅ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። በስብሰባው ስሙን ማንም አልጠራም፤ ግን ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አሁን ሻይ ላይ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ ጆሮ ጠቢ ብሎኛል አሉ።»

እኛ የሸለምናት መስሎን ነበር። ለእሷ ግን ሽልማቱ ስህተት ማግኘት ምን እንደሚያስከፍል ያሳየ ማስጠንቀቂያ ሆነባት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተወለደው ከዚያ ውይይት ነው። ጥቂት ሰው ላለው ክፍል በአንድ ሳምንት ሊጀመር ይችላል።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሚከብደው ለዩ

«ዓይን አፋር ናት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ሰው በአደባባይ መመስገን የሚጠላበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም፣ መፍትሔውም እንደዚያው ይለያያል።

አንዳንዱ የሚከብደው መታየቱ ራሱ ነው። ስሙ ሲጠራ ልቡ ይመታል፤ የተባለውን እንኳ አይሰማም። ለእንዲህ ያለው ሰው በወረቀት መጻፍ ብቻ ይበቃል። ሌላው መታየት አይከብደውም፤ የሚፈራው ከጓደኞቹ ጋር የሚፈጠረውን ነው። የእሱ መመስገን የሌላውን ስህተት የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ወይም አብረው የሠሩት ተረስተው እሱ ብቻ ከተጠራ፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። የእኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ ችግር ይኼኛው ነበር። የሰው ዓይን የሚፈራም አለ፤ በዚህ መሳቅ አያስፈልግም፣ ለሰውየው እውነት ነውና። ሌላው ደግሞ «አንዴ ምርጥ ከተባልኩ በሚቀጥለው ወር ብሳሳት ምን ይሉኛል» እያለ ይጨነቃል።

ይህን በግምት አትወቁት። ዝም የሚል ሁሉ ጭብጨባ አይጠላም። ሲስቅና ሲያስቅ የሚውለው ደግሞ መድረክ ላይ ሲጠራ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፦ በትክክለኛው ጥያቄ ጠይቁ

«በሰው ፊት ብናመሰግንሽ ይከፋሻል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ «ኧረ ምንም አይደል» ነው። አለቃ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ስላለፈ ነገር ጠይቁ። «እስካሁን በሥራ ላይ ካገኘሽው ምስጋና ከልብሽ ደስ ያለሽ የቱ ነው?» ቀጥላችሁ፣ «ማን ነበር የነገረሽ? ሌላ ሰው ነበር?» በሉ። መልሱ ራሱ ይነግራችኋል። አንድ አንጋፋ ገንዘብ ያዥ ሲመልሱልኝ፣ ከሃያ ዓመት በፊት አለቃቸው ለባለቤታቸው ስልክ ደውለው «ባልሽ ዛሬ ከትልቅ ጣጣ አዳነን» ማለታቸውን አነሱ። ከዚያ ወዲህ ያገኟቸውን ሰርተፍኬቶች አንዱንም አልጠቀሱም።

ከውይይቱ በኋላ በእያንዳንዱ ሰው ስም አንድ መስመር ጻፉ፦ በሁለታችን መካከል፣ በክፍላችን ውስጥ፣ ወይስ በሁሉም ፊት። ከስድስት ወር በኋላ መልሳችሁ ጠይቁ፤ ሰው ይለወጣል። ማስታወሻውን ግን ሌላ ሰው አይየው።

ሦስተኛ፦ ምስጋናውን በዝርዝር ጻፉ

«ጎበዝ ነሽ፣ በዚሁ ቀጥዪ» ምስጋና አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ጥሩ ምስጋና ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳስቸገረ፣ ምን እንደለወጠ። ለዚያች ሠራተኛ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለን ብንጽፍላት ኖሮ ይሻል ነበር፦

«የሁለቱ ክፍያዎች ቀን በሦስት ሳምንት ይራራቃል፣ የቫውቸር ቁጥራቸውም ይለያያል። በዚህ ላይ የኢንቮይሱን ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ ማመሳከር ማንም አላዘዘሽም። አንቺ ስላደረግሽው 186,000 ብር ተመልሷል። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ኦሪጅናል ኢንቮይስ ክፍያ እንዳይዘጋጅ ደንብ አውጥተናል።»

ልብ በሉ፣ የተሳሳተው ሰው እዚህ ውስጥ የለም። «በጣም ትጉህ ነሽ» የሚል ቃልም የለም። የተመሰገነው ሥራው ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሰርተፍኬት ትበልጣለች፤ ያደረገችው ነገር ቢሮው የሚሠራበትን መንገድ እንደለወጠ ትነግራታለች። ጽሑፉ በሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ። ሩብ ዓመት የጠበቀ ምስጋና የሪፖርት አካል ይመስላል።

አራተኛ፦ በግል የተባለው በመዝገብ ይግባ

ብዙ ቅን አለቆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዝምተኛውን ላለማስጨነቅ ብለው ጠረጴዛው ድረስ ሄደው፣ እጁን ጨብጠው ይመለሳሉ። ጥሩ ነው። ግን ዕድገት ሲመጣ ኮሚቴው የሚያስታውሰው መድረክ ላይ ያያቸውን ሰዎች ነው። ዝምተኛው በምስጋና እየተሞላ በደረጃ ሳያድግ ይቀራል።

ስለዚህ የደብዳቤው አንድ ቅጂ ከግል ፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ጊዜ ወጥቶ ይነበብ። ከእናንተ በላይ ላለው ኃላፊም በቃል ንገሩ። በመጀመሪያ ግን ሠራተኛውን አስፈቅዱ፦ «ይህን ለሥራ አስኪያጁ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ በስብሰባ ግን አይነሳም። ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

አምስተኛ፦ «የወሩ ምርጥ»ን ወይ አስተካክሉ ወይ ተዉት

እኔ ተዉት ባይ ነኝ። ሁለት ነገር ይደርስበታል። ወይ ያው ሁለት ሦስት ሰው ይፈራረቁበታል፣ ሌላው ተስፋ ይቆርጣል። ወይ አለቃው ቅሬታ ሲሰማ በተራ ያዳርሰዋል፣ «የዚህ ወር ተረኛ ማን ነው?» እየተባለ ይቀለድበታል።

ቀድሞ የሚታወቅ ሽልማት ሌላም ጣጣ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት በሰዓቱ ለሚገቡ ሠራተኞች ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። ለሽልማቱ ብለው በሰዓቱ የገቡ ነበሩ፤ አንዴ ካረፈዱና ዕድሉ ካመለጣቸው በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ተመለሱ። የባሰው ግን ዱሮም ያለ ሽልማት በሰዓታቸው ይገቡ የነበሩት ላይ ታየ፤ የሥራ ውጤታቸው ቀነሰ። ማንም ሳያያቸው በራሳቸው ያደርጉት የነበረው ነገር ለሌላው ሽልማት ሲወጣበት ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ሽልማት መስጠት ካለባችሁ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሳይጠበቅ ይሁን። ለሰውየው የሚሆን ነገር ይሁን፦ የወር መዝጊያ ሥራ አምሽቶ ለሠራ የግማሽ ቀን ዕረፍት፣ መማር ለሚፈልግ የኮርስ ክፍያ። የሽያጭ ክፍል ግን ለብቻው ዓለም ነው። እዚያ ሥራው በራሱ በቁጥር የሚወዳደር ስለሆነ በሰሌዳ ላይ ስም መለጠፍ ብዙ ሰው አያስቀይምም።

አለቃችሁ «የለም፣ ስብሰባ ላይ ካልተነገረ» ካሉ ደግሞ ተደራደሩ። ሥራው ይነገር፣ ስም ግን ሰውየው ከፈቀደ ብቻ ይጠራ። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይወቅ። ወደ መድረክ አይጠራ። «ሁለት ቃል በል» አይባል። ፎቶም ሳይጠየቅ ግሩፕ ላይ አይውጣ።

ስድስተኛ፦ እንደሳታችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ዝምተኛ ሰው ቅሬታ አያቀርብም። ስለዚህ የሥራውን መጠን እዩ። ይነግራችሁ የነበረውን ነገር መንገር አቁሟል? በስብሰባ ቀን ፈቃድ ይጠይቃል? ስታመሰግኑት «እኔ ምን አደረግኩ፣ እነ እከሌ ናቸው» የሚለው አበዛዙ ከትሕትና ያለፈ ነው? ከእሱ ጋር ሻይ የሚወጡት ሰዎች ተቀይረዋል?

በሦስት ወር አንዴ ደግሞ የክፍላችሁን ስም ዝርዝር አውጡና ለእያንዳንዱ በዝርዝር ያመሰገናችሁበትን ቀን ጻፉ። መጀመሪያ ስሠራው ከአሥራ አንድ ሰው አራቱ ፊት ለፊት ባዶ ነበር። አራቱም ዝምተኞች ናቸው። ሥራቸው ጥሩ ስለሆነ ችግር አይፈጥሩም፣ ችግር ስለማይፈጥሩ አላየኋቸውም።

ከተሳታችሁ ጥገናው በአንድ ይቅርታ አያልቅም፤ ጉዳቱ ከጓደኞቿ ጋር ያለው ነውና። እኛ ያደረግነው ይኼ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለብቻዋ «ሳልጠይቅሽ ማድረግ አልነበረብኝም» አሏት። እኔ ደግሞ ያንን ክፍያ ያዘጋጀውን ልጅ ጠርቼ፣ ፎቶ ኮፒ ተቀብሎ ክፍያ ማዘጋጀት የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ጥፋቱ የአሠራሩ እንደሆነ፣ እኔም እንደፈረምኩበት ነገርኩት። እውነትም ፈርሜበታለሁ። ከዚያ የአዲሱን ደንብ ማመሳከሪያ ቅጽ ሁለቱ አብረው እንዲያዘጋጁ ሰጠኋቸው።

የአርቡ ዝርዝር ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀበት። ሲመጣም የእሷን ጽሑፍ ብቻ ይዞ አልነበረም፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን መስመር የጻፈው ልጁ ነበር።